ለአባዬ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የመንዝ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ «አያቴ ይየኝ» እያለች አስቸግራናለች።

የፕሮስቴት ኦፕራሲዮኑ ጥር 20 መሆኑን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እማዬ ስትታመምም «ፈተና ላይ ናት» ብላችሁ ደበቃችሁኝ። ያ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። አሁን ግን የምጽፈው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። በየቀኑ የሚውጧቸው እንክብሎች አስፈርተውኝ ነው፤ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልዎ የነጭ ሽንኩርቱና ጂንኮ ከሚባለው ዛፍ ቅጠል የተሠራው።

ፋርማሲዬ ለሚመጡ አዛውንቶች የምለውን ለእርስዎም ልበል። ስንቆረጥ ደሙ የሚቆመው ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ተጣብቀው ቁስሉን ስለሚደፍኑት ነው። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ይህን መጣበቅ ሊያዳክም ይችላል። የፕሌትሌት ዕድሜ ከ7 እስከ 10 ቀን ስለሆነ፣ የተዳከመው በአዲስ እስኪተካ ጊዜ ይወስዳል። ጂንኮም በሌላ መንገድ እዚያው ላይ ይሠራል ተብሎ ይሰጋል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ጂንኮ ብቻውን በጤነኛ ሰው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። እርስዎ ግን ለልብዎ አስፕሪንም ይወስዳሉ። የምፈራው የሦስቱን መደራረብ ነው።

ፕሮስቴት ሲነካ ብዙ ይደማል። ማደንዘዣውም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በጀርባ በመርፌ ነው። እዚያ ደም ከተጠራቀመ ነርቩን ይጫናል። እንዲህ ያለው እጅግ ብርቅ ነው፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ሐኪሞች ብዙ ነጭ ሽንኩርት ይበሉ የነበሩ የ87 ዓመት አዛውንት መርፌ ሳይነካቸው ጀርባቸው ውስጥ ደም እንደፈሰሰ ጽፈዋል። ላቦራቶሪው «የፕሌትሌት ቁጥርዎ ጥሩ ነው» ቢልዎም አይዘናጉ። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ሥራው ሊደክም ይችላል።

እባክዎ ነገ ዛሬ ሳይሉ ሁለቱንም ብልቃጥና አስፕሪኑን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። ማደንዘዣ ለሚሰጥዎም ያሳዩ። ብዙ ጊዜ የሚመከረው እንክብሎቹን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ማቆም ነው፤ ለእርስዎ ከጥር 6 ጀምሮ ማለት ነው። አስፕሪኑን ግን በራስዎ እንዳያቆሙ። ልብዎን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ይቁም አይቁም የሚሉት ሐኪሞቹ ናቸው። ሽሮው ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርት አያሳስብም። ለጉንፋን ከፌጦ ጋር በጥሬው የሚበሉትን ግን እስከዚያ ይተዉት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የማደንዘዣው ጊዜ አልፎ እግርዎ እንደደነዘዘ ከቀረ፣ ወይም ጀርባዎን ክፉኛ ካመመዎ፣ «ይለፍልኛል» ብለው ዝም እንዳይሉ። በዚያው ሰዓት ነርሷን ይጥሩ። እኔም ጥር 19 ደብረ ብርሃን እገባለሁ። አይምጪ ቢሉኝም አልቀርም፣ አባዬ።

ልጅዎ