ለሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት፦ ጾምና በዓል

ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጾምና በዓል እንማራለን። ኢሳይያስ 58ንና ነህምያ 8ን አንብባችሁ ኑ። ረጅም አይደሉም፤ ሰበብ የለም።

ኢሳይያስ ላይ ሕዝቡ «ጾምን፤ ስለ ምን አላየኸንም?» ብሎ ያማርራል። የእግዚአብሔር መልስ ጠንከር ያለ ነው። እየጾማችሁ ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ፣ ትጣላላችሁ ይላቸዋል። የሚፈልገው ጾም ደግሞ እንጀራን ለተራበ መቁረስ ነው። እስቲ ወደ ራሳችን እናምጣው፦ ምሳ ስትዘሉ የምሳው ገንዘብ የት ይገባል? ኪስ ውስጥ ከቀረማ ቁጠባ ነው።

ነህምያ ላይ የሆነው ይገርመኛል። ሕጉ ሲነበብ ሕዝቡ ጥፋቱ ታውቆት ያለቅሳል። ቀኑ ግን የሰባተኛው ወር መጀመሪያ፣ የተቀደሰ ቀን ነበር። «አታልቅሱ» ተባሉ። ሂዱ ብሉ፣ ጠጡ፣ ምንም ላላዘጋጁትም ድርሻቸውን ላኩ። ታዲያ ንስሐው ቀረ? አልቀረም። ምዕራፍ 9ን ግለጡ፦ በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ጾመው ኃጢአታቸውን ተናዘዙ። መጀመሪያ ደስታው፣ ከዚያ ጾሙ። በሁለቱም ጽሑፎች ውስጥ ምንም ለሌለው ሰው የሚሆን ድርሻ እንዳለ ልብ በሉ።

ባለፈው አንዱ «ረስቼ ቀመስኩ፣ ጾሜ ፈረሰ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ከዚያው ሰዓት ቀጥል አልኩት። መድኃኒት የምትወስዱ ወይም ከምግብ ጋር ችግር ያለባችሁ ግን በራሳችሁ አትወስኑ። ሐኪማችሁንም የነፍስ አባታችሁንም አማክሩ፤ አለመጾማችሁን ለማንም ማስረዳት አይጠበቅባችሁም።

ጥያቄ ያለው በወረቀት ጽፎ ይምጣ፤ ስም አያስፈልግም።