ለእማዬ፦ ደመወዜ የት እንደሚገባ

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ደመወዝህ ጨምሮ የለም እንዴ? ምን ሆኖ ነው የሚያልቀው?» ስትዪኝ መልስ አጣሁ። አባክኜው እንዳይመስልሽ። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

አንቺ ገበያ ስትወጪ የምታስቢው ብሩን ሳይሆን የሚሸመተውን እህል ነው። እኔም ደመወዜን በጤፍ ልቁጠርልሽ። ሥራ ስጀምር እጄ ላይ የሚደርሰው 9,000 ብር ነበር። ያኔ አንድ ኩንታል ጤፍ 4,500 ብር ገዛሁ። የወር ደመወዜ ሁለት ኩንታል ነበር ማለት ነው። ከዚያ ጤፉ እየወጣ 12,000 ገባ። ደመወዜ ንቅንቅ አላለም። ያው 9,000 ብር 75 ኪሎ ብቻ የሚገዛ ሆነ። አንድ ብር የቆረጠብኝ የለም፤ ግን 125 ኪሎ ጤፍ ከእጄ ወጣ።

ቆይቶ ጭማሪው መጣ። 12,000 ብር ሆነልኝ፤ አንቺም ሰምተሽ እልል አልሽ። በብር ካየነው ሲሶ ጨምሮልኛል። በጤፍ ካየነው ግን 12,000 ብር አንድ ኩንታል ነው፤ የዱሮው ግማሽ። እንደ ዱሮዬ ልሁን ብል 24,000 ብር ሊከፈለኝ ይገባ ነበር።

ዋጋው ለምን ይወጣል ብትዪ ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱን ልንገርሽ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅና ማዳበሪያ ከውጭ የሚመጡት በዶላር ነው። ጤፉ የአገራችን ቢሆንም ገበሬው ማዳበሪያ ይገዛል፣ እህሉም በመኪና ተጭኖ ነው የሚመጣው።

ደግሞ ሬዲዮው «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ሲል ትናደጂያለሽ። ውሸት ላይሆን ይችላል እኮ። 100 ብር የነበረ ዘይት በዓመቱ 130 ገባ እንበል፤ 30 በመቶ ጨመረ። በሚቀጥለው ዓመት 143 ገባ፤ አሁን የጨመረው 10 በመቶ ነው። ንረቱ ከ30 ወደ 10 ወረደ ይባላል። አንቺ ግን የምትከፍዪው 143 ነው። የቀነሰው ዋጋው የሚወጣበት ፍጥነት እንጂ ዋጋው አይደለም። ደመወዝ ቆሞ ከጠበቀ፣ ዋጋ ቀስ ብሎ ቢወጣም ይበላዋል።

ይህን ስጽፍልሽ አንድ ነገር ከነከነኝ። በየወሩ የምልክልሽ 2,000 ብር ሦስት ዓመት ሙሉ አልተለወጠም። አንቺም አንድ ቀን አንሷል አላልሽኝም። መጀመሪያ ስልክልሽ ምን ምን ትገዢበት ነበር? አሁንስ? ስደውል ንገሪኝ። ሁሉንም ባልሞላልሽ እንኳ ጤፉንና ዘይቱን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ አስተካክላለሁ።

ልጅሽ