የንባብ ክበብ ዘገባ፦ ቦራ ለምን ሮጣ መጣች?

ዘንድሮ የንባብ ክበባችን ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ከአንዲት ላም ጋር ነው። ላሟ ቦራ ትባላለች። ታሪኳ ሰባት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እኔ ግን ስለ 1ኛ ክፍል ልጆች አንብቦ መረዳት ዘንድሮ የተማርኩትን ያህል ባለፉት ዓመታት አልተማርኩም።

የምንሰበሰበው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። አባላቱ 28 የ1ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ግማሾቹ ከሐይቅ ከተማ ናቸው፤ ሌሎቹ ከዙሪያው ገጠር በእግር ይመጣሉ። ስድስት የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ታሪኮቹን በትልልቅ ፊደል ካርቶን ላይ እየጻፉ አግዘውናል። የወላጆች ቀን ላይ ተረት አቅርበናል፤ የመጻሕፍት መደርደሪያም ሠርተናል። በዚህ ዘገባ ግን ስለ ጥያቄዎቹ ላውራ።

ጥቅምት ላይ ታሪክ አንብቤ ስጨርስ “ገባችሁ?” እል ነበር። “አዎ!” ይላሉ በአንድ ድምፅ። “ላም ምን ትበላለች?” እላለሁ። “ሣር!” ይላሉ። ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። አንድ ሐሙስ አንዱ ልጅ አርፍዶ መጣ። ታሪኩን አልሰማም። እሱም ከሁሉም ቀድሞ “ሣር!” አለ። ያኔ ነው የነቃሁት። ጥያቄዬን ለመመለስ ታሪኩን ማንበብ አያስፈልግም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣን። የ7ኛ ክፍል ረዳቶቻችን እያንዳንዱን ጥያቄ መጀመሪያ ታሪኩን ላልሰማ ልጅ ይጠይቃሉ። እሱ ከመለሰው ጥያቄው ይጣላል።

ጥያቄዎቹን ለልጆቹ በሦስት ከፈልናቸው። ስማቸውንም በሰውነታቸው አስታወሱት። መልሱ ካርቶኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ከተጻፈ “የዓይን ጥያቄ” ነው፤ እጃቸውን ከዓይናቸው ጎን ያደርጋሉ። መልሱ ካልተጻፈ፣ ግን ከተጻፈው ተነስተው ሊደርሱበት ከቻሉ “የግንባር ጥያቄ” ነው። መልሱ ከራሳቸው ሕይወት የሚመጣ ከሆነ “የልብ ጥያቄ” ነው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። መልስ ከመስጠታቸው በፊት እጃቸው የት እንደሄደ ማየት ብቻውን ብዙ ይነግረኛል።

መጀመሪያ የጻፍነው ታሪክ ይህ ነበር።

ቦራ ላም ናት። ጥጃ አላት። ጠዋት ቦራ መስክ ሄደች። ጥጃው ቤት ቀረ። ጥጃው እምቧ አለ። ማታ ቦራ ጥጃው ስለናፈቃት ሮጣ መጣች። ጥጃውን ላሰችው።

ታሪኩ ደስ ይላል። ጥያቄ ስናወጣለት ግን ችግሩ ወጣ። “ማን ቤት ቀረ?” ብለን ጠየቅን። ሁሉም መለሱ። ግን “ቀረ” የሚለው ቃል ራሱ ወንድ መሆኑን ይናገራል። በታሪኩ ውስጥ ያለው ወንድ ደግሞ ጥጃው ብቻ ነው። አማርኛችን ግሱ ላይ አድራጊውን ስለሚያሳይ ጥያቄው መልሱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጥጃውን ሴት አደረግናት። አሁን ሁለቱም “ች” ላይ ያልቃሉ፤ ልጁ የግድ ታሪኩን መከተል አለበት።

ሁለተኛው ችግር “ቦራ ለምን ሮጣ መጣች?” የሚለው ጥያቄ ነበር። እኔ የግንባር ጥያቄ ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር። አንዲት ልጅ እጇን ከዓይኗ ጎን አደረገች። ተነስታ ሄደች፤ ጣቷንም “ስለናፈቃት” የሚለው ቃል ላይ አሳረፈች። ልክ ነበረች። “ለምን” ብሎ መጠየቅ ብቻውን ጥያቄን ከባድ አያደርገውም። ታሪኩ ውስጥ “ስለ” ብሎ ምክንያቱ ተጽፎ ካለ፣ ያው የዓይን ጥያቄ ነው። ስለዚህ ያንን ቃል አወጣነው።

“እምቧ” የሚለውም ወጣ። ልጆቹ ሲሰሙት በጣም ይወዱታል። “ቧ”ን ግን ገና ስላልተማሩ እዚያ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ሲቆሙ ደግሞ የታሪኩ ክር ይጠፋቸዋል። በመጨረሻ ካርቶኑ ላይ የቀረው ይህ ነው።

ቦራ ላም ናት። ጥጃ አላት። ጠዋት ቦራ መስክ ሄደች። ጥጃዋ ቤት ቀረች። ጥጃዋ ተጣራች። ማታ ቦራ ሮጣ መጣች። ላሰቻት።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ብቻ ነው። “ላሰቻት” ውስጥ ግን ላሿም ተላሿም አሉ። “ማን ማንን ላሰች?” ብለን ስንጠይቅ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። የተወሰኑት “ጥጃዋ ቦራን” አሉ። እንዴት እንደደረሱበት ጠየቅኳቸው። አንዱ “ጥጃ ነው የሚልሰው፣ ጨው ሲያምረው” አለ። ሌላዋ ካርቶኑን እያየች “አሁን የመጣችው ቦራ ናት፤ መጥታ ነው የላሰችው” አለች። ለ1ኛ ክፍል ልጅ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ከላይኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አድራጊውን ይዛ ወደ ታችኛው መውረድ አለባት። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ በየሳምንቱ አንድ አንድ ማስገባት ለመድን።

በዓይን ጥያቄዎችም አንድ ነገር ለወጥን። “ማታ ማን ሮጣ መጣች?” ስንል ልጁ “ማታ” እና “ሮጣ” የሚሉትን ቃላት ካርቶኑ ላይ ፈልጎ ጎኑ ያለውን ያነባል። ምንም ሳይገባው ሊመልስ ይችላል። “ቦራ ቤቷ የተመለሰችው መቼ ነው?” ስንል ግን “ተመለሰች” እና “መጣች” አንድ ነገር መሆናቸውን ማወቅ አለበት። መልሱ አሁንም እዚያው ተጽፏል፤ ቃላት በማመሳሰል ብቻ ግን አይገኝም።

ወደ “ለምን ሮጣ መጣች?” ልመለስ። “ስለናፈቃት” ከወጣ በኋላ ጥያቄው ሕይወት ዘራ። ከጠየቅኩ በኋላ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይጨንቀኝ ነበር። አሁን ግን አምስት ላይ ስደርስ ከኋላ ወንበር እጅ ሲወጣ አያለሁ።

አንዱ “ጅብ እንዳይበላት” አለ። “ከታሪኩ ምኑ ነገረህ?” አልኩት። “ማታ” የሚለውን ቃል አሳየኝ። ተቀበልኩት። ሌላዋ “ጥጃዋ ስትጣራ ሰምታ” አለች። እሷም ዓረፍተ ነገሩን አሳየች። ከገጠር የምትመጣ አንዲት ልጅ ደግሞ “ግቷ ሞልቶ ነዋ!” አለች፤ ይህን አለማወቃችን ገርሟት። የከተማዎቹ ዞረው አዩዋት። ላም ቀኑን ሙሉ ሣር ስትግጥ ውላ ግቷ ሲሞላ ጥጃዋ ጋ ለመድረስ እንደምትቸኩል እሷው አስረዳቻቸው። ካርቶኑ ላይ ወተት የሚል ቃል የለም። ግን ጥጃ ያላት ላም ቀኑን ሙሉ ከጥጃዋ ተለይታ እንደዋለች ተጽፏል። መልሱ ከዚያ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ታሪኩን ከማንበባችን በፊት ስለ ላምና ጥጃ ለጥቂት ደቂቃ እናወራ ጀመር። የከተማ ልጅ የግንባር ጥያቄ ሲያቅተው ሁልጊዜ ማሰብ አቅቶት አይደለም፤ ያላየውን ነገር ጠይቀነው ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ልጅ “ሊያርዷት ሲሉ አምልጣ ነው” አለ። ምክንያቱን ስጠይቀው የላሜ ቦራን ተረት ሙሉውን ነገረኝ፤ የእንጀራ እናቲቱንም ሳይቀር። አያቱ ናቸው የነገሩት። ተሳስተሃል አላልኩትም። “ካርቶኑ ላይ አሳየኝ” አልኩት። ከላይ እስከ ታች አነበበ። “እዚህ የለም። ይቺ ሌላ ቦራ ናት” አለ። ግቱን ያነሳችው ልጅም እሱም ከቤታቸው ያወቁትን ነው ያመጡት። የሷ ከተጻፈው ጋር ይያያዛል፤ የሱ አይያያዝም። ይህን ልዩነት በቃል ላስረዳቸው ብሞክር አልችልም ነበር። “አሳየኝ” የሚለው ግን ሠራ።

የልብ ጥያቄ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ “እናታችሁን ትወዳላችሁ?” አልኩ። “አዎ!” ብቻ መለሱልኝ። ታሪኩም ተረሳ። በሚቀጥለው ሳምንት “እናታችሁ ወደ ቤት ስትመለስ ምን ታደርጋላችሁ?” አልኩ። ይህኛው ከታሪኩ ጋር ይገናኛል፤ መልሶቹም ደስ ይሉ ነበር። አንዲት ልጅ ግን አንገቷን ደፋች። ከአያቷ ጋር እንደምትኖር ረስቼው ነበር። አጠገቧ ሄጄ “አብሽሪ” አልኳት፤ ሌላ ቃል አላገኘሁም። ጥያቄውን ቀየርነው፤ “የምትጠብቁት ሰው ወደ ቤት ሲመለስ ምን ታደርጋላችሁ?” ሆነ። በሳምንቱ ያቺው ልጅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተነሳች። “አያቴ ከገበያ ስትመጣ ድንጋዩ ላይ ቆሜ አያታለሁ። ነጠላዋን ሳይ እሮጣለሁ” አለች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና “እኛ ቤት የምትሮጠው ጥጃዋ ናት” አለች። የልብ ጥያቄ ትክክልም ስህተትም የለውም። ግን ልጁን መልሶ ወደ ታሪኩ ካላመጣው ወሬ ሆኖ ይቀራል። እሷ ራሷ መለሰችው።

ጥር ላይ አንድ ነገር ለየን። ዘጠኝ ልጆች ገና ፊደል በፊደል እየለቀሙ ነበር የሚያነቡት። ራሳቸው አንብበው ሲጠየቁ የዓይን ጥያቄውን እንኳ በግድ ይመልሳሉ። እኔ ካነበብኩላቸው ግን ሰባቱ የግንባር ጥያቄውን ጥሩ አድርገው መለሱ። እነዚህ የሚያስፈልጋቸው የፊደልና የቃል ልምምድ ነው፤ ማሰቡማ አላቸው። የቀሩት ሁለቱ አንብቤላቸውም ከበዳቸው፤ ለነሱ ታሪኩን በሥዕልና በጨዋታ እያሳየን ሄድን። መልሱን ሁሌም በቃል ነው የምንቀበለው። ጻፉ ብንላቸው በእጅ ጽሕፈታቸው ልንፈርድባቸው ነው።

በአንድ ቀን የምንጠይቀው ከስድስት አይበልጥም፤ ሦስት የዓይን፣ ሁለት የግንባር፣ አንድ የልብ። ከዓይን የምንጀምረው ቀስ ብሎ የሚያነበውም ልጅ መልስ ይዞ እንዲገባ ነው። በአንድ ድምፅ መመለስንም አስቀርተናል።

ሰኔ ላይ በመጨረሻው ሐሙስ ጠያቂዎቹ እነሱ እንዲሆኑ አደረግን። ብዙዎቹ የዓይን ጥያቄ አወጡ። ጥቅምት ላይ አርፍዶ የመጣው ያ ልጅ ተነሳና “ማታ ቦራ ባትመጣስ?” አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ግማሾቹ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ፣ ግማሾቹ ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ደወሉ እስኪደወል ተከራከሩበት።