ለጅማ ከተማ የመንገድ ሥራ ኃላፊዎች፦ ድንጋዩን በውኃም ፈትኑልን

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ዋናው ጥያቄዬ ይኼ ነው። ለከተማችን መንገድ የሚገዛው ጠጠርና ኮብልስቶን በደረቁ ብቻ ተፈትኖ አይለፍ። ውኃ ውስጥ ተነክሮም ይታይ። ለምን እንደምል ግን ትንሽ ማብራራት ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም ነገሩ ያለው ድንጋይ በጅማ እንዴት እንደሚያረጅ ላይ ነው።

ድንጋይ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አሟሟት የለውም። በሰሜን ተራሮች፣ ራስ ዳሸን አካባቢ፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምርና ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል። አፋር ደግሞ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ እዚያ ጨው ነው የሚሠራው። ጨዋማው ውኃ በድንጋዩ ቀዳዳ ገብቶ ሲደርቅ ጨው እየጠጠረ ከውስጥ ይገፋዋል። ሁለቱም አካላዊ መሰባበር ናቸው። ድንጋዩ ይቆራረጣል እንጂ ምንነቱ አይለወጥም። ስባሪውን ብታነሱት ጠርዙ ሹል ነው፤ ውስጡም ያው ጥቁር ድንጋይ ነው።

ጅማ ግን ውርጭም የጨው በረሃም አይደለችም። ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል። ሙቀቱም መጠነኛ ነው፤ አፈሩ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። እዚህ ድንጋይ አይሰበርም፣ ይበሰብሳል። ይኼ ኬሚካላዊው ዓይነት ነው።

ማየት የፈለገ ከከተማ ወጣ ብሎ መንገድ ሲሠራ የተቆረጠ ዳገት ይመልከት። ቀይ አፈር ውስጥ የተቀበሩ ድቡልቡል ድንጋዮች ያገኛል። ወንዝ ያንከባለላቸው ይመስላሉ፤ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ድሮ ባለ ማዕዘን የባዛልት ብሎኮች ነበሩ። ውኃ በስንጥቆቹ ዙሪያቸውን ገብቶ ማዕዘናቸውን ቀድሞ በላው፤ ማዕዘን ከሁለትና ከሦስት አቅጣጫ ስለሚጠቃ። ውጩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ይሄዳል፣ መሐሉ ላይ ጠንካራ እምብርት ይቀራል። ቀዩ አፈር ራሱ የዚያ ድንጋይ ቅሪት ነው። ቀለሙ ከብረቱ ዝገት የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪ ቤት የተማርነውን ሦስተኛውን ዓይነት፣ ባዮሎጂያዊውን፣ ላንሳ። ሁሌ የሚሰጠው ምሳሌ ግንብ የሚሰነጥቅ የዛፍ ሥር ነው። እውነት ነው፤ በአዌቱ ወንዝ ዳር ባሉ ግንቦች ስንጥቅ ውስጥ የሾላና የዋርካ ችግኝ ሲበቅል ማየት ብርቅ አይደለም። ገና እርሳስ ሳያክል ቢነቀል ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው፤ ከወፈረ በኋላ ግን ግንቡን ይዞ ነው የሚወጣው። ሽበቱንስ ተዉት፤ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ግራጫ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ዕድሜ የሚታይ ጉዳት የለውም።

በእኔ እይታ ግን ትልቁ የሕይወት ሥራ ዓይን አያየውም። ሥሮችና ጥቃቅን ተሕዋስያን አፈር ውስጥ ይተነፍሳሉ። ከላይ ያለው አየር 0.04 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲይዝ፣ የለምለም መሬት የአፈር አየር ግን አሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም መቶ እጥፍ ሊይዝ ይችላል። ያ ጋዝ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ደካማ አሲድ ይሆናል። ስለዚህ በቡናው ጥላ ሥር አልፎ ድንጋዩ ጋ የሚደርሰው ዝናብ፣ ከደመና እንደወረደው ዓይነት አይደለም። ሦስቱን ዓይነቶች ለየብቻ ማስቀመጥ ለፈተና ይመቻል፤ ጅማ መሬት ውስጥ ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ ላይ ነው የሚሠሩት።

ድንጋዩ ተቆፍሮ ወደሚወጣበት ካባ እንምጣ። ትኩስ ባዛልት ጥቁር ነው፣ በመዶሻ ሲመታ ይጮኻል። መጀመሪያ በስንጥቁ ዳር ቡናማ ቅርፊት ይይዛል። ከዚያ ውስጡ ያሉት አረንጓዴ የኦሊቪን ማዕድን ፍሬዎች ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣሉ። መጨረሻ ላይ ነጫጮቹ ፍሬዎች ሸክላ ይሆናሉ፣ ድንጋዩም በእጅ ይፈረፈራል። መጨረሻው አያስቸግርም፤ ማንም ሰው አይቶ ይጥለዋል። የሚያስቸግረው መሐሉ ነው። ድንጋዩ ገና ጠንካራ ነው፣ ሲመታም ይጮኻል። ግን ውስጡ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ ተሸክሟል፤ ስሜክታይት ይባላል።

ይኼ ድንጋይ መንገድ ላይ ሲነጠፍ ምን ይሆናል? ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ጠጠሩ ውስጥ ለውስጥ ይሰነጣጠቃል። ከባድ መኪና ባለፈበት ቁጥር ደቃቁ ሸክላ ከውኃ ጋር ጭቃ ሆኖ በስንጥቅ ይወጣል። አስፋልት ላይ ከዝናብ በኋላ በስንጥቅ ዳር የሚታይ ቀላ ያለ ወይም ግራጫ የጭቃ ዱካ ካለ፣ ከሥር ያለውን ጠጠር መጠርጠር ነው። ኮብልስቶን ከሆነ ደግሞ ፊቱ በቅርፊት ቅርፊት ይነሳል።

አሁን ፈተናው። ብዙ ጊዜ የሚታመነው የሎስ አንጀለስ ፈተና ነው። ጠጠሩ ከብረት ኳሶች ጋር በርሜል ውስጥ ገብቶ 500 ጊዜ ይዞራል፣ ምን ያህሉ እንደደቀቀ ይለካል። ጥሩ ፈተና ነው፤ ግን ናሙናው ደረቅ ነው። ያ ሸክላ ደግሞ ደርቆ ሳለ አይታወቅበትም። ሌላው የሶዲየም ሰልፌት ፈተና ነው፤ ጠጠሩ ይህ ጨው በሟሟበት ውኃ ውስጥ አምስት ጊዜ እየተነከረ ይደርቃል። ይህ ሐሳብ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የውርጭን ጉልበት ለመምሰል የተቀየሰ ነው። ይጠቅማል፣ ደካማ ድንጋይ ያጋልጣል። ግን የሚጠይቀው በዋናነት የሰሜን ተራሮችን ጥያቄ ነው እንጂ የጅማን አይደለም።

የእኛን ጥያቄ የሚጠይቀው ኤትሊን ግላይኮል ነው፤ ራዲያተር ውስጥ ውኃው በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው ፈሳሽ። ልክ እንደ ውኃ በስሜክታይት ሸክላ ንጣፎች መሐል ገብቶ ያሳብጠዋል። ጠጠሩን ለ15 ቀን ያህል ነክሮ በየጥቂት ቀኑ ማየት ነው። የተሰነጠቀውና የፈረሰው ተቆጥሮ ይመዘገባል። ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ፈሳሹ መርዛማ ስለሆነ ግን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከልጅና ከከብት ርቆ ይሁን፤ ቦይ ውስጥም አይደፋ። ከዚህ በተጨማሪ ከድንጋዩ ስስ ቁራጭ ተሠርቶ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ሸክላው ምን ያህል እንደሆነ በቀጥታ ይነግራል።

ካባው ላይ ላለ ተቆጣጣሪ ደግሞ ባልዲ ይበቃዋል። ድንጋዩን ሰብሮ ውስጡን ማየት፣ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ማታ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ጠዋት አውጥቶ ማድረቅ። ይህን ደጋግሞ፣ ባልዲው ሥር የተጠራቀመ ቅርፊትና ደለል ካለ ያ ጭነት ይቁም። አደራ፣ ባልዲው የሚያገለግለው ለመጣል እንጂ ለማጽደቅ አይደለም። በባልዲ ያለፈ ድንጋይ ገና ላቦራቶሪ ይቀረዋል።

የበሰበሰ ሁሉ ይወገድ እያልኩ አይደለም። ገረጋንቲ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የበሰበሰ ድንጋይ ነው፤ ከታች ላለው ንጣፍ ይሆናል። የእኔ ጭንቀት ከላይ ለሚነጠፈውና አስፋልቱ ውስጥ ለሚገባው ጠጠር ነው። አንድ ካባ ላይም ቢሆን ድንጋዩ አንድ ዓይነት አይደለም። በላይኛው በኩል የበሰበሰ፣ ከሥር ትኩስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን የተወሰደ አንድ ናሙና ለዓመት ሙሉ አቅርቦት ማስረጃ ሊሆን አይገባም። የሚቆፈረው የካባው ፊት በተቀየረ ቁጥር አዲስ ናሙና ይወሰድ።

በሚቀጥለው የጠጠርና የኮብልስቶን ጨረታ ሰነድ ላይ እነዚህ ሁለት መስመሮች ቢገቡ እጠይቃለሁ፦ የግላይኮል ንክር ፈተና፣ እና ካባው ፊቱን ሲቀይር አዲስ ናሙና። ውጤቱም ለነዋሪው ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአፈርና ድንጋይ ምርመራ ላይ የሠራ የጅማ ነዋሪ