የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የሮስተሩ ቪዲዮ እንዴት ተሠራ

ክበባችን በዚህ ዓመት እንደ ወትሮው የኮምፒውተር ክፍሉን ማሽኖች አጽድቷል፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችም የአማርኛ ታይፕ ልምምድ ሰጥቷል። እነዚህ በየዓመቱ የሚነገሩ ስለሆኑ አልመለስባቸውም። በዚህ ዘገባ የማተኩረው ሁለተኛውን ሴሚስተር በሙሉ በያዘብን አንድ ቪዲዮ ላይ ነው። ቪዲዮው የክፍል ኃላፊ መምህራን ሮስተር በኤክሴል ሲሠሩ የተማሪውን ደረጃ የሚያወጣውን ቀመር እንዴት እንደሚጽፉ ያሳያል። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም ደሴ ውስጥ ስንት መምህር በሴሚስተር መጨረሻ በዚህ ቀመር ሲያመሽ እንደምናይ እኛ እናውቃለን።

ቀመሩ ይህ ነው።

```
=RANK(N5,$N$5:$N$64)
```

አራቱ የዶላር ምልክቶች ከተረሱ ቀመሩ ወደ ታች በተጎተተ ቁጥር የሚያወዳድርበት ዝርዝርም አብሮ ወደ ታች ይንሸራተታል። በዚህም ምክንያት በስም ዝርዝሩ የመጨረሻ የሆነው ተማሪ ከራሱ በቀር የሚወዳደረው ስለማይኖር ያመጣው ውጤት ምንም ይሁን ምን አንደኛ ሆኖ ይወጣል። ቪዲዮው የተፈለገው ዋናው ምክንያት እነዚህ ምልክቶች ናቸው። ይሁንና ሙሉው ስክሪን በስልክ ሲታይ ምልክቶቹ ከጉንዳን አይበልጡም፤ ከመጀመሪያ ጀምሮ ያስጨነቀንም ይኸው ነበር።

ጥሬው ቀረጻ 14 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። ኤክሴል እስኪከፈት ይጠበቃል፤ ጠቋሚው ሜኑ ፍለጋ ይንከራተታል፤ የትምህርት ዓይነቶች ስም አንድ በአንድ ይጻፋል፤ ፋይሉ የት ይቀመጥ እየተባለም ይታሰባል። የክበቡ አባላት ወዲያው ማጉላቱን ለመጀመር ጓጉተው ነበር፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ሥራው ሁለት ጊዜ እንደሚሠራ ስለማውቅ አስቀድመን እንድንነጋገርበት ጠየቅሁ። የጠቋሚው ድምቀት በቀረጻው ጊዜ መታሰብ አለበት፤ ከዚያ የሞተው ጊዜ ይቆረጣል፤ ማጉላት የመጨረሻው ሥራ ነው። ማጉላቱ ቀድሞ ተሠርቶ ቆረጣው ቢከተል፣ ቁራጩ በማጉላቱ እንቅስቃሴ መካከል ሲያርፍ ምስሉ ከግማሽ መንገድ ወደ ሌላ መጠን ዘልሎ ይገባል፤ እሱን ለማስተካከልም ማጉላቱን እንደ አዲስ መሥራት ግድ ይሆናል።

ጠቋሚው ቀድሞ የሚታሰብበት ምክንያት ኦቢኤስ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ስንቀርጽ ጠቋሚው የምስሉ አካል ሆኖ ስለሚቀር ነው። ካምታዚያን የመሳሰሉ በክፍያ የሚገኙ ሶፍትዌሮች የጠቋሚውን እንቅስቃሴ ከምስሉ ለይተው ስለሚያስቀምጡ በኋላ ላይ ማተለቅም ማድመቅም ይቻላል። በእኛ መንገድ ግን ሳይደምቅ የተቀረጸውን ጠቋሚ በኋላ ለማድመቅ በየቦታው እየተከተሉ ክብ መሳል ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ለማንም ተማሪ አላዝም። ስለዚህ በመጀመሪያ በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ የጠቋሚውን መጠን ከፍ አደረግን። ቀጥሎ ፓወርቶይስ የተባለውን የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ ጭነን `Mouse Highlighter` የሚለውን ክፍል በ`Win + Shift + H` አበራነው። ይህ መሣሪያ በግራ ጠቅ ሲደረግ ቢጫ፣ በቀኝ ጠቅ ሲደረግ ሰማያዊ ክብ ያሳያል፤ አይጡን ተጭነው ሲጎትቱም ክቡ አብሮ ይሄዳል። ቀመሩ እስከ 64ኛው ረድፍ ድረስ ሲጎተት ተመልካቹ እጃችን ከአይጡ ላይ እንዳልተነሳ የሚያውቀው በዚህ ክብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ቢጫው ክብ በስክሪኑ ላይ በደንብ እየታየ በቀረጻው ውስጥ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ኦቢኤስ ላይ `Window Capture` ከተመረጠ የሚቀረጸው የኤክሴል መስኮት ብቻ ነው፤ ክቡን የሚስለው ግን ሌላ ፕሮግራም ስለሆነ ከቀረጻው ውጭ ይቀራል። `Display Capture` ሲመረጥ ሙሉው ስክሪን ስለሚቀረጽ ክቡም ይገባል። በዚህ ምርጫ ግን የቴሌግራም መልእክትም ሆነ ሌላ ማሳወቂያ ብቅ ካለ አብሮ ስለሚቀረጽ ማሳወቂያዎቹን አስቀድሞ ማጥፋት ይገባል። የአጭር ጊዜ ሙከራ ቀርጾ ማየት ይህን ሁሉ ያረጋግጣል። የፋይሉን ዓይነት ደግሞ ኤምኬቪ አድርገናል፤ ምክንያቱም መብራት በድንገት ቢጠፋ እስከዚያ ድረስ የተቀረጸው በአብዛኛው ይተርፋል። የተለመደው ኤምፒ4 ግን በሥርዓት ሳይዘጋ ከተቋረጠ እንደማይከፈት የኮምፒውተር ክፍላችንን መብራት የሚያውቅ ሁሉ ይረዳል። ሥራው ሲያበቃ ኤምኬቪውን ወደ ኤምፒ4 መለወጥ በዚያው በኦቢኤስ ውስጥ ይቻላል።

ቆረጣውን ሾትከት በተባለው ነፃ የቪዲዮ ማስተካከያ አከናወንን። በዚህ ሶፍትዌር `S` ሲነካ ቪዲዮው ይከፈላል፤ የማይፈለገው ክፍል ተመርጦ `X` ሲነካ ይወጣና የኋላው ወደ ፊት መጥቶ ክፍተቱን ይሞላል። ቁልፎቹን ማወቅ ቀላል ነው፤ ከባዱ የት እንደሚቆረጥ መወሰን ነው። ጠቋሚው እየተንቀሳቀሰ ከተቆረጠ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ዘልሎ ስለሚታይ የተመልካቹ ዓይን ይጠፋበታል። ስለዚህ ጠቋሚው ቆሞ ባለበት ቅጽበት ቆርጠን የሚቀጥለውን ክፍል በተቻለ መጠን ጠቋሚው በዚያው አካባቢ ከሚገኝበት ቦታ አስጀመርን። ከእያንዳንዱ ጠቅታ በፊት ግማሽ ሰከንድ ያህል፣ ውጤቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰከንድ እንዲቀር አደረግን፤ ከዚያ በታች ሲሆን ተመልካቹ ቁጥሩ መምጣቱን እንጂ ከየት እንደመጣ አያይም። የትምህርት ዓይነቶቹ ስም የሚጻፍበትን ክፍል ግን ሙሉ በሙሉ አልቆረጥነውም፤ መጻፉ መታየት ስላለበት በአራት እጥፍ አፈጠንነው። ንግግሩ ከቆረጣው በኋላ በተማሪዎች ድምፅ ለብቻው የተቀረጸ ስለሆነ ማፍጠኑ ድምፅ አላበላሸም። ቪዲዮው በመጨረሻ ከአምስት ደቂቃ ትንሽ አነሰ።

ወደ ማጉላቱ ልምጣ። የምንቀርጽበት ስክሪን 1920 በ1080 ፒክሰል ሲሆን መምህራን በስልክ የሚያዩትን ቪዲዮ 1280 በ720 እንዲሆን ወሰንን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ማጉላት የምንችልበትን ልክ ይወስናል። በአንድ ተኩል እጥፍ ስናጎላ አንዱ የስክሪን ፒክሰል በቪዲዮው አንድ ፒክሰል ላይ ስለሚያርፍ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ስንሄድ ሶፍትዌሩ የሌለውን ፒክሰል መፍጠር ስለሚኖርበት ፊደሉ መደብዘዝ ይጀምራል። ስለዚህ ከአንድ ተኩል እጥፍ ላለማለፍ ተስማማን።

የደረጃው ሴል በስክሪኑ ላይ ከግራ 1500፣ ከላይ 300 ፒክሰል ገደማ ላይ ይገኛል። ምስሉ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲጎላ ይህን ሴል መሐል ላይ ለማምጣት የቪዲዮው መሐል ከሆነው 640 ላይ 1500 ሲቀነስ ምስሉን 860 ፒክሰል ወደ ግራ መግፋት ያስፈልጋል ማለት ነው። ነገር ግን 1920 ስፋት ያለው ምስል 1280 ስፋት ባለው ቪዲዮ ውስጥ ወደ ግራ ሊገፋ የሚችለው 640 ፒክሰል ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ በቀኝ በኩል 220 ፒክሰል ስፋት ያለው ጥቁር መደብ ይወጣል። ከላይም እንዲሁ ሴሉን መሐል ለማድረግ ምስሉን 60 ፒክሰል ወደ ታች ማውረድ ያስፈልግ ነበር፤ ያም ከላይ ጥቁር መስመር ያመጣል። ስለዚህ በሾትከት `Size, Position & Rotate` ውስጥ የምስሉን የአግድም ቦታ −640፣ የቁም ቦታ 0 አድርገን ሴሉ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ እንዲቀመጥ ተውነው። ሴሉ የግድ መሐል ካልሆነ ብሎ የሚከራከር አባል ነበረን፤ ቪዲዮውን በስልክ ካየው በኋላ ግን ዝም አለ። በዚህ አቀማመጥ ከላይ በስተግራ ያለው የቀመር መስመር ከእይታ ይወጣል፤ ሆኖም ቀመሩ በሚጻፍበት ጊዜ በሴሉ ውስጥም ስለሚታይ ወደዚያ መመለስ አላስፈለገንም።

እንቅስቃሴው 24 ፍሬም ይፈጃል፤ በሰከንድ 30 ፍሬም ስለምንቀርጽ ይህ 0.8 ሰከንድ ነው። ማጉላቱ የሚጀምረው ጠቋሚው ወደ ሴሉ ከመድረሱ በፊት ሲሆን የመጀመሪያው ፊደል ሳይጻፍ ያልቃል፤ ዓይን የሚንቀሳቀስ ምስልና የሚጻፍ ቀመር በአንድ ጊዜ አይከተልምና። የእንቅስቃሴውን መነሻና ማረፊያ የሚያመለክቱት ነጥቦች፣ ማለትም ኪፍሬሞቹ፣ `Linear` ሲሆኑ ምስሉ በአንድ ፍጥነት ተነስቶ በዚያው ፍጥነት ድንገት ስለሚቆም ግጭት ያለ ይመስላል። `Smooth` የሚለውን ስንመርጥ ደግሞ ሌላ ችግር ታየ፦ ምስሉ ከማጉላቱ በፊት ጥቂት አንሶ በዙሪያው ቀጭን ጥቁር ጠርዝ አሳየ፤ ከቆመም በኋላ ጥቂት አልፎ ተመለሰ። ይህ የሚሆነው ኩርባው ከፊትና ከኋላ ያሉትን ኪፍሬሞች እያየ ስለሚሳል ምስሉ ቆሞ መቆየት ባለበት ክፍል ውስጥም ስለሚንሸራተት ነው። መፍትሔው ምስሉ ቆሞ የሚቆይበትን ክፍል የሚጀምረውን ኪፍሬም `Linear`፣ እንቅስቃሴውን የሚጀምረውን ደግሞ በአዳዲሶቹ እትሞች ውስጥ ካሉት የ`Ease In/Out` ዓይነቶች አንዱን ማድረግ ነው። ያኔ ምስሉ በዝግታ ይነሳል፣ መሐል ላይ ይፈጥናል፣ በዝግታ ያርፋል።

በጠቅላላው ቪዲዮ ውስጥ ያሉት ማጉላቶች አራት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ቅጂ ከዚህ እጅግ የበዙ ነበሩት፤ አባላቱ ጠቅታ ባለበት ሁሉ አጉልተው ስለነበር ተመልካቹ የሰንጠረዡ የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ ማወቅ ያቅተው ነበር። ተከታታይ ሁለት ድርጊቶች በአንድ አካባቢ ከሆኑ ምስሉ ሳይመለስ እንደጎላ እንዲቆይ ተደረገ።

ቪዲዮውን ለብዙ ዓመት ሮስተር በእጃቸው ሲሠሩ ለኖሩ አንዲት መምህርት ስናሳያቸው መሐል ላይ አስቆሙትና፣ «ቆይ እስቲ ልጄ፣ አሁን ምኑን ነክተኸው ነው ቁጥሩ የመጣው?» አሉ። ላፕቶፑን የያዘው ተማሪ፣ «ኢንተር ነው እኮ የነካሁት፣ ቲቸር» አላቸው። ትክክል ነበሩ፤ ቢጫው ክብ የሚያሳየው የአይጡን ጠቅታ ብቻ ስለሆነ በኪቦርድ የተደረገው ሁሉ ለተመልካቹ ስውር ነው። ስለዚህ ኪቦርድ በተነካባቸው ቦታዎች ሁሉ የቁልፉን ስም በትልቅ ጽሑፍ ከስክሪኑ ግርጌ ለሁለት ሰከንድ ያህል አወጣን። የዶላር ምልክቶቹን በአንድ ጊዜ የሚያስገባው `F4` በተለይ ያለዚህ ጽሑፍ ሊታወቅ አይችልም ነበር።

ያልተፈታው የአሮጌዎቹ ላፕቶፖች ጉዳይ ነው። የእነሱ ስክሪን 1366 በ768 ስለሆነ ለ720 ቪዲዮ የሚተርፈው ፒክሰል ከምንም አይቆጠርም፤ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲጎሉ ፊደሉ ይደበዝዛል። በ2018 በእነሱ ላይ የሚቀረጸው ከኤክሴሉ ራሱ፣ `Ctrl` ተጭኖ የአይጡን ጎማ በማዞር፣ ሰንጠረዡ እስከ 150 በመቶ ተተልቆ ይሆናል። ያኔ ፊደሉ ራሱ ትልቅ ሆኖ ስለሚቀረጽ በማስተካከያው ላይ ማጉላት ብዙም አያስፈልግም፤ በአንድ ጊዜ የሚታዩት ረድፎች ግን ስለሚቀንሱ ቀመሩ እስከ 64ኛው ረድፍ ሲጎተት ስክሪኑ መንሸራተቱ አይቀርም። ያ ክፍል ባለ 1920 ስክሪኑ ባለው ማሽን ላይ ለብቻው እንዲቀረጽ ክበቡ ወስኗል።