ልጁ በመቀመጫው ሲመጣ፦ ደብዳቤ ለልጄ

የኔ ልጅ፣

ማታ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «ልጁ በመቀመጫው ነው ያለው፣ በ39ኛው ሳምንት በኦፕሬሽን ትወልጃለሽ አሉኝ» ስትዪኝ ድምፅሽ ውስጥ ፍርሃት ብቻ ሳይሆን እፍረትም ሰማሁ። በራስሽ ምጥ መውለድ እንዳቃተሽ ቆጠርሽው። እንደሱ አይደለም። አንቺንም የወለድኩሽ በኦፕሬሽን ነው፤ አንቺም እንደሱ ቁጭ ብለሽ ነበር የጠበቅሽኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሕፃን አካል ትልቁና ጠንካራው ጭንቅላቱ ነው። እሱ ከቀደመ መንገዱን ይከፍታል፣ ሌላው ተከትሎ ይወጣል። መቀመጫው ሲቀድም ግን የማህፀን በር ገና በደንብ ሳይከፈት ገላው ሊያልፍና ጭንቅላቱ መጨረሻ ላይ ሊያዝ ይችላል። በዚያ ሰዓት ደግሞ እትብቱ ይጨመቃል፣ ልጁ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሐኪሞቹ የሚፈሩት ይህን ነው። ልምድ ያለው አዋላጅ ባለበት በመቀመጫው የሚመጣን ልጅ በምጥ ማዋለድ ይቻላል፤ ግን ሁሉም እናት ላይ አይሞከርም።

አሁን ገና 36ኛው ሳምንት ላይ ነሽ። ስለዚህ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ልጁን ከውጭ በእጅ ማዞር ይቻላል ወይ? ሐኪሙ ሆድሽን ከላይ እየገፋ ጭንቅላቱን ወደ ታች ለማምጣት ይሞክራል። ብዙውን ጊዜ በ37ኛው ሳምንት አካባቢ ነው የሚደረገው፣ ከሁለት ሙከራ አንዱ ያህል ይሳካል። የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ከተቀመጠ ግን አይሞከርም። እቤት ውስጥ ማንም ሆድሽን እያሸ እንዲያዞርልሽ አትፍቀጂ።

39 የተባለው የልጁ ሳንባ እንዲበስል ነው። ከዚያ በፊት በኦፕሬሽን የሚወጣ ልጅ ትንፋሽ ሊያስቸግረው ይችላል። ምጥ ቀድሞ ከመጣ ወይ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ ግን ቀጠሮ ብለሽ አትጠብቂ፣ ወዲያው ሂጂ፤ ልጁ በመቀመጫው ሲሆን እትብቱ ከውሃው ጋር ቀድሞ ሊወርድ ይችላልና።

በዕለቱ ብዙውን ጊዜ ጀርባሽ ላይ ነው ማደንዘዣ የሚወጉሽ። ከወገብ በታች ይደነዝዛል፣ አንቺ ግን ነቅተሽ ትሰሚያለሽ። ሕመም አይኖርም፣ መሳብና መገፋት ግን ይሰማሻል። እኔ አንድ ሰው ሆዴ ውስጥ ዕቃ የሚፈልግ ነበር የመሰለኝ፣ ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝም ደንግጬ ነበር። ማቅለሽለሽ ከመጣብሽ ደም ግፊትሽ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ለማደንዘዣ ባለሙያው ወዲያው ንገሪው። ልጁ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፤ ረጅሙ ስፌቱ ነው።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽሽም። ከምጥ ይልቅ ደም ይበዛል፣ ቁስል ሊያመረቅዝ፣ እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ለሚቀጥለው እርግዝናም ማህፀንሽ ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ አልፎ አልፎ የእንግዴ ልጅ እዚያ ጠባሳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ በሚቀጥለው ስታረግዢ ገና ከጅምሩ በኦፕሬሽን መውለድሽን ተናገሪ።

እኔን የያዘኝ ማመርቀዙ ነው። በስምንተኛው ቀን የስፌቱ አንድ ጫፍ ቀላ፣ ሲነካ ይሞቃል፣ ጠዋት ስነሳ ቀሚሴ ላይ ቢጫ እርጥበት አየሁ። «ይደርቃል» እያልኩ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለኝ፣ ትኩሳቴ 38.5 ደረሰ። ቁስሉን ከፍተው አጠቡት፣ አንቲባዮቲክ ጀመርኩ፣ እስኪደርቅ ሳምንታት ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን ሄጄ ቢሆን ምናልባት በመድኃኒት ብቻ ያልፍ ነበር። አንቺ መቅላት፣ ፈሳሽ ወይ መጥፎ ሽታ ካየሽ በዚያው ቀን ሂጂ። ትኩሳት 38 ከደረሰ፣ ሞዴስ በሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽም እንደዚያው። ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ ደግሞ አንድ ደቂቃም አትጠብቂ።

መነሳቱ ያስፈራል፣ ግን ደም እንዳይረጋ በመጀመሪያው ቀን ያስነሱሻል። ቀጥ ብለሽ አትነሺ። በጎንሽ ተንከባለይ፣ እግርሽን አውርጂ፣ ከዚያ በክንድሽ ተደግፈሽ ቁጭ በዪ። ስታስዪ ወይ ስትስቂ ትራስ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጊ። የሕመም ማስታገሻውን በሰዓቱ ውሰጂ፤ ካላመመሽ ትራመጃለሽ፣ ለማጥባትም ይቀልሻል። ለስድስት ሳምንት ያህል ከልጁ የሚከብድ ነገር አታንሺ።

ለቀጠሮሽ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፣ ስለማዞሩ የሚሉሽንም ጻፊና ማታ ደውዪልኝ። ለአራስነትሽ ስድስቱንም ሳምንት እመጣለሁ፣ የሚነሳውን እኔ አነሳለሁ።

እናትሽ