ኔትወርክ በሌለበት የሠራችሁት የባልደረባችሁን ለውጥ እንዳያጠፋ፦ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ የደረሰን ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፦ "ኢንተርኔት በሌለበት ሠርቼ ስመለስ ባልደረባዬ የቀየረችው ነገር ጠፋ።" ልክ ናችሁ። ጥፋቱ የሥራ መከታተያ አፓችን ነበር። ይቅርታ እንጠይቃለን። በአዲሱ ቨርዥን አስተካክለነዋል፤ ግን ምን እንደተቀየረ ካላወቃችሁ እንደገና ልታምኑት ስለሚከብዳችሁ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ።

"ጀነሬተሩን መፈተሽ" የሚል ሥራ አለ እንበል። ቀነ ገደቡ ዓርብ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኔትወርክ ወደማይደርስበት ምድር ቤት ገባችሁ። 4 ሰዓት ላይ ቢሮ ያለችው ባልደረባችሁ ቀኑን ወደ ረቡዕ ሳበችው። 5 ሰዓት ላይ እናንተ ቀኑን ሳትነኩ ሥራውን "ተጀምሯል" አላችሁት። 6 ሰዓት ላይ ስትወጡ ስልካችሁ ያንን አንድ ለውጥ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የሥራ ካርድ ላከ፣ ውስጡ ደግሞ ዓርብ የሚለው የድሮው ቀን ነበረበት፣ ሰርቨሩም መጨረሻ የደረሰውን ስለሚይዝ ረቡዕን አጥፍቶ ዓርብን መለሰ። ከሁለታችሁ ማንም አልተሳሳተም። ማስጠንቀቂያ ያየም የለም።

"ታዲያ ሰዓቱን አይታችሁ የኋለኛውን ለምን አትወስዱም?" ያላችሁን አላችሁ። አያድንም። ከላይ ባለው ታሪክ የኋለኛው የእናንተ የ5 ሰዓቱ ነው፤ አሮጌውን ቀን ይዞ የመጣውም እሱ ነው። በዚያ ላይ የአንዱ ስልክ ሰዓት አሥር ደቂቃ ከቀደመ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ የሚለው ራሱ ይምታታል።

አሁን ስልካችሁ የሚልከው የነካችሁትን ብቻ ነው። ከሱ ጋር አንድ ቁጥር ይልካል፦ መሥራት ስትጀምሩ ካርዱ ስንተኛ ቅጂ ላይ እንደነበር። ምድር ቤት ስትገቡ ቅጂ 12 ነበር። ባልደረባችሁ ቀኑን ስትቀይር 13 ሆነ። ስትወጡ ስልኩ "ከ12 ተነስቼ ሁኔታውን ቀይሬያለሁ" ይላል። ሰርቨሩ ከ12 ወደ 13 ምን እንደተለወጠ ያያል፤ ቀኑ ብቻ ነው። የማይነካኩ ስለሆኑ ሁለቱንም ይዞ 14 ያደርገዋል። ረቡዕም አለ፣ "ተጀምሯል"ም አለ።

ሁለታችሁም ያንኑ ቀን ከነካችሁትስ? እሷ ረቡዕ፣ እናንተ ሐሙስ? እዚህ ላይ አፑ አይፈርድም። የትኛው ቀን ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው ሥራውን የሚሠራው ሰው እንጂ ሰርቨሩ አይደለም። ስለዚህ ረቡዕ ባለበት ይቆያል፣ የእናንተ ሐሙስ ደግሞ ከጎኑ ይቀመጣል፣ ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክት ይወጣል፤ ተነጋግራችሁ አንዱን ትመርጣላችሁ። እስክትመርጡ ድረስ ሁለቱም አይጠፉም።

የሥራው ዝርዝር ማብራሪያ ግን ወሰን አለው። አፑ ጽሑፉን እንደ አንድ ነገር ነው የሚያየው፤ እናንተ መጀመሪያው ላይ፣ እሷ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ብትጨምሩ እንኳ አያዋህደውም፣ ሁለቱን ቅጂ አስቀምጦ እናንተን ይጠይቃል። ምክራችን፣ ኔትወርክ በሌለበት ማስታወሻ መያዝ ከፈለጋችሁ አስተያየት አድርጋችሁ ጻፉት። አስተያየት ከሌላው ሥር ይጨመራል እንጂ ማንንም አይተካም። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ መለያ ስላለው፣ ግንኙነቱ መሃል ላይ ተቆርጦ ስልኩ ደግሞ ቢልከው እንኳ ሁለት ጊዜ አይገባም።

አደራ የምንላችሁ ነገር አለ። ያልተላከ ለውጥ ያለው እናንተ ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ እኛ ጋ የለም። ከላይ ያለችው የደመና ምልክት አጠገብ ቁጥር ካያችሁ፣ ያን ያህል ለውጥ ገና አልሄደም ማለት ነው። ቁጥሩ ሳይጠፋ ከአካውንታችሁ አትውጡ፣ አፑንም ከስልካችሁ አታጥፉት፤ ካጠፋችሁት ልናመጣላችሁ አንችልም። ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ ያለን አፕ ስለሚያስቆሙ፣ ኔትወርክ ሲመለስ አንዴ ከፍታችሁ ቁጥሩ እስኪጠፋ ጠብቁ።

የድሮው ቨርዥን ያለበት ስልክ አሁንም ሙሉ ካርድ ስለሚልክ ሰርቨሩ አይቀበለውም። አንድ ባልደረባችሁ "አልሄደም" የሚል መልእክት ከመጣበት አፑን አፕዴት ያድርግ እንጂ አጥፍቶ እንደገና አይጫን፤ የጠበቁት ለውጦች ከአፕዴቱ በኋላ ይሄዳሉ። ከዚህ በፊት የተሰረዘባችሁ ቀን ወይም ስም ካለ ደግሞ ካርዱን ከፍታችሁ "ታሪክ" የሚለውን ንኩ። የቀድሞው እዚያ አለ፤ ካላገኛችሁት የካርዱን ቁጥር ላኩልን፣ አብረናችሁ እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አፑን የምንሠራው ሰዎች